ብረቱ አስቀድሞ፣ ሲሚንቶው በመጨረሻ

ታላቅ እህቴ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት መሥራት የጀመረች ዓመት፣ ግንቦት ላይ ሲሚንቶ ትንሽ ረከሰ ሲባል ሰምታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ 30 ከረጢት ገዛች። ቦታው ላይ ከተሠራች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ መሬቱ ላይ ላስቲክ ዘርግታ ደረደረችው። ክረምቱ ገባ፣ ሥራው ቆመ። መስከረም ላይ ስንከፍተው የታችኛው ረድፍ ከረጢቶች እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። ከግድግዳው ጋር ተደግፈው የነበሩትም ጎናቸው ረግቷል። ዘጠኝ ከረጢት ጣልን። የቀረውን ፎርማኑ አንድ በአንድ እየከፈተ እጁን አስገብቶ ዳበሰው። የጠጠረውን ጓል በጣቱ ሲጫነው ወዲያው የሚፈርሰውን ለልስን አስቀመጠው፣ የማይፈርሰውን ወደ ውጪ አወጣው። «እትዬ፣ ይሄ ለአርማታ አይሆንም» አላት።

የረከሰውን ገንዘብ አስልተነዋል፤ ከጣልነው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አሠራሯን ቀየረች። በየሳምንቱ የሚገባውን ገንዘብ በዕለቱ ርካሽ በሆነው ዕቃ ላይ ማዋል ተወች። አንድ ማቆሚያ ቦታ ትመርጥና ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረች ትገዛለች።

በቁጠባ የሚሠራ ቤት መሐል ላይ መቆሙ አይቀርም። ጥያቄው የት ላይ ይቆማል የሚለው ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ድንጋይ ሳይገባበት ክረምት ቢመጣ ጉድጓዱ በውሃ ይሞላል፣ ግድግዳው ይደረመሳል፣ የቁፋሮው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ግንቡ አልቆ ግሬድ ቢም ከታሰረ በኋላ ግን ቤቱ ዓመት ቢቆም አይጎዳም። ስለዚህ አርማታ የሚሞላበት ቀን የዕቅዱ መጨረሻ ይሆናል። አርማታ በክፍያ እየተከፈለ የሚሠራ ነገር አይደለም። ከተጀመረ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ዛሬ ግማሹን ሞልቶ ገንዘብ ሲገኝ ቀሪውን እንሞላለን ቢሉ መገጣጠሚያው ላይ ደካማ መስመር ይቀራል። ዝናብ፣ ወይም የተበላሸ ሚክሰር አስገድዶ ማቆም ከመጣ ደግሞ፣ ከኮለኑ ላይ ሳይሆን በሁለት ኮለኖች መካከል፣ መሐንዲሱ በሚያሳየው ቦታ ይቆማል። ሥራው ሲቀጥል የቆየው ፊት ሸካራ እንዲሆን ይጫራል፣ ይታጠባል፣ ይረጥባል።

እህቴ የመረጠችው ማቆሚያ ግሬድ ቢሙ ነበር። ቤቱ 8 በ9 ሜትር ነው። ዙሪያው 34 ሜትር፣ በመሐል የሚያልፉት ሁለቱ መስመሮች 17 ሜትር፣ በድምሩ 51 ሜትር ቢም ይሆናል። ቢሙ በንድፉ መሠረት ወርዱ 20፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 51 ሲባዛ በ0.2 ሲባዛ በ0.3 ወደ 3.1 ሜትር ኩብ አርማታ ይመጣል። ትንሽ ብክነት ስትጨምርበት 3.2 አለች። ለሲ 25 አርማታ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ተይዞ 1,150 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 23 ከረጢት ሆነ። እሷ 25 ብላ መዘገበች፤ ሁለቱ ለመጠባበቂያ ናቸው። ብረቱን በተመለከተ ንድፉ አራት ባለ 12 ፌሮ በርዝመቱ፣ ባለ 8 ስታፋ በየ20 ሳንቲው ይላል። መደራረቢያውን ጨምሮ 20 ቤርጋ ባለ 12 ይበቃል። ስታፋው ወደ 260 ነው። ከአንድ ባለ 12 ሜትር ቤርጋ 12 ስታፋ ስለሚወጣ 22 ቤርጋ ባለ 8 ያስፈልጋል። ብረቱ ከንድፉ ነው የሚቆጠረው፣ የጎረቤት ቤት አይቶ አይቆረጥም። የአፈሩ ዓይነትና የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ቁጥሩን ይቀይራሉና።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቅደም ተከተሉን ማውጣት ነው። እሷ እያንዳንዱን ዕቃ «ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብላ ጠየቀች። የድንጋይ ክምር አሥር ዓመት ቢቆይ ያው ድንጋይ ነው። ጠጠርም እንደዚያው። ብሎኬት እንዲያውም መቆየቱ ይጠቅመዋል፤ ገና ትኩስ ሆኖ የመጣ ብሎኬት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ግድግዳውን ያሰነጥቃል። ብረት ቢዝግም ላይ ላዩን ቡናማ ቢሆን ችግር የለውም፣ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ቅርፊት ሆኖ ሲላላጥ ግን ውፍረቱን አጥቷልና አይገዛም። አሸዋ ክረምት ላይ ከአፈር ይደባለቃል፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ሲሚንቶ ደግሞ ደረቅ ቦታ ላይም ቢሆን ሦስት ወር ሲያልፈው ከጥንካሬው ያጣል፣ እርጥበት ካገኘው ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ከግዢው ሠንጠረዥ ታች የሚገባው ሲሚንቶ ነው፤ ከላይ ደግሞ ብረት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ባለ 8 ብረት ገዛች፣ በሳምንት ሰባት ወይም ስምንት ቤርጋ። ከባለ 12 በፊት ባለ 8 ያስቀደመችው በሌባ ሥጋት ነው። ፌራዮው ወዲያው ስታፋ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ያጥፈዋል። ሃያ ሃያ ታስሮ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። ባለ 12 ሜትር ብረት ግን ግቢ ውስጥ ሲተኛ ሁሉም ያየዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ሳምንታት በየሳምንቱ አምስት ቤርጋ ባለ 12 አስገባች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሳምንታዊ ግዢ ማለት በየሳምንቱ ማጓጓዝ ማለት አይደለም። አምስት ቤርጋ በየቅዳሜው በጋሪ ማስጫን የዕቃውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። እህቴ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተስማማች፤ በየቅዳሜው ትከፍላለች፣ ዕቃውን በሁለት ሳምንት አንዴ ትወስዳለች። ደረሰኙ ላይ ግን ብር ብቻ አይጻፍም፣ «አምስት ቤርጋ ባለ 12፣ ተከፍሏል» ተብሎ ይጻፋል። ብር ብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ዋጋው ሲጨምር ትርጉም ያጣል፤ ዕቃ የተጻፈበት ግን ዕቃው ነው። ከሁለት ሳምንት በላይም አታቆይም ነበር፤ ሱቁ ቢዘጋ የምታጣው እንዳይበዛ።

ብረቱ ሲደርስ አምስቱን በአንድ ላይ ትመዝናለች። ባለ 12 ብረት አንድ ሜትሩ ወደ 0.89 ኪሎ ስለሆነ 12 ሜትሩ ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ መሆን አለበት፣ አምስቱ ደግሞ 53 ኪሎ ገደማ። አንድ ጊዜ 47 ኪሎ መዘነ። ርዝመቱን ለኩት፣ ልክ ነው። ቀጭን ብረት ነበር፣ በዓይን ቢያዩት የማይለይ። ነጋዴው ቀየረላት። ሚዛኑ ባይኖር ኖሮ ቤቱ ከንድፉ አሥር በመቶ በላይ ያነሰ ብረት ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ስምንተኛው ሳምንት የጥቃቅን ዕቃ ሳምንት ነው፤ የማሰሪያ ሽቦ፣ ምስማር፣ ለጣውላ ኪራይ ቀብድ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት ያላቸው ትናንሽ የሲሚንቶ ኩቦች በአንድ ጣሳ ሲሚንቶ ተሠሩ። ብረቱ ከጣውላው እንዲርቅ ከሥሩ የሚደረጉ ናቸው። ካልተደረጉ ብረቱ ጣውላው ላይ ያርፋል፣ አርማታው አይሸፍነውም፣ በኋላ ዝገቱ ቢሙን ይሰነጥቀዋል።

ዘጠነኛው ሳምንት ጠጠር፣ አሥረኛው አሸዋ። እሷ የሚያስፈልጋት ከ3 ሜትር ኩብ ያነሰ ጠጠርና ከ2 ሜትር ኩብ ያነሰ አሸዋ ነበር። መኪና ግን በጠብታ አይመጣም፣ ሲኖትራኩ ብዙ ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ጎረቤቷም ግንብ ላይ ስለነበሩ አንድ ቢያጆ ለሁለት ተካፈሉ። የእሷ ድርሻ ከቢሙ የተረፈው ለብሎኬቱ ግንብ ይሆናል። አሸዋው ሲራገፍ አንድ ጠርሙስ ግማሹን ሞልታ ውሃ ጨመረችበት፣ አንድ ጭብጥ ጨው አድርጋ ነቅንቃ አስቀመጠችው። ማታ ሲታይ ከአሸዋው በላይ የረጋው ጭቃ ቀጭን ነው። ከአሸዋው ቁመት ስድስት በመቶ ካለፈ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሙከራው ከሹፌሩ ሒሳብ በፊት መሠራት ያለበት፤ ሲራገፍ ከተከፈለ መመለሻ የለውም። የእህቴ ሹፌር ግን አልጠበቀም። የረጋውን ያየነው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አሸዋው ደህና በመሆኑ ዳንን።

የመጨረሻው ሳምንት ገንዘብ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ከዕቁብ። የአርማታ ቀን ወጪ በሳምንት ደመወዝ አይሸፈንም፤ ሲሚንቶ፣ ሚክሰርና ቫይብሬተር ኪራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ምሳቸው፣ የቦቴ ውሃ አንድ ላይ ይወጣሉ። እህቴ የሚስማማትን ሳምንት ለዳኛው አስቀድማ ነግራ፣ ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት ሰው ጋር ተቀያየረች። ዕጣ ባይቀየርላት ኖሮ ሌላው ዕቃ ሁሉ ሳይበላሽ ይጠብቃት ነበር። ዕቅዱ የተሠራው ይህን መዘግየት እንዲችል ነው።

ሲሚንቶው የታዘዘው ጣውላው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጣውላው ሲለካ ከፍታው በአንዳንድ ቦታ 33 ሳንቲ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሳንቲ ትንሽ ይመስላል፣ በ51 ሜትር ላይ ቢሆን ግን ከሁለት ከረጢት በላይ ሲሚንቶ ይበላል። ግማሹ ተስተካከለ፣ የቀረው በመጠባበቂያዎቹ ሁለት ከረጢቶች ይሸፈን ተባለ። 25ቱ ከረጢት ሐሙስ ገባ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ተደረደረ። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ፎርማኑ ውሃው እንዳይበዛ ቆሞ ይቆጣጠር ነበር። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ ነው፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። ሠራተኛው እንዲቀልለው ውሃ ሲጨምር «ጋሼ፣ ትንሽ ይለስልስ» ይላል፤ ፎርማኑ ይከለክላል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። አንድ ከረጢት ተረፈ።

እሑድ ማለዳ እህቴ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ በርሜል አጠገብ ቆማ ቢሙን በጆንያ ሸፍና ውሃ ታጠጣ ነበር። ይህን ለሰባት ቀን ትሠራለች፤ የሳምንቱ ዕቅድ ውስጥ ለውሃ የተጻፈ ብር አለ። ከቢሙ ወደ ላይ የወጡት የኮለን ብረቶች እስከሚቀጥለው ሙሌት ስለሚቆዩ ፎርማኑ በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀብቶ ላስቲክ አሠረባቸው። ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ተከፍቷል። ከላይ «ብሎኬት፣ በሳምንት 60» የሚል ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ «ሲሚንቶ» ተብሎ፣ ከጎኑ ባዶ ተትቷል።