የታተመው ቀን ሳያልፍ የተበላሸው ወተት

ዕድሜው ሁለት ዓመት የሆነ ሕፃን እኩለ ሌሊት ላይ ደጋግሞ እያስመለሰው ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣ። እናቱ ለልጁ የሰጠችውን የወተት ፓኬት በእጇ ይዛ ነበር። «ዶክተር፣ ይኸው እዩት፤ ሊያልፍበት ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቀኑ አላለፈም።

ይሁን እንጂ ፓኬቱ የተከፈተው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። መብራት ስለጠፋ ፍሪጁ አይሠራም፤ ግማሹ ወተት መደርደሪያ ላይ ቆየ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ እናትየው አሸተተችው፤ ሽታው ደህና ነበር። አፍልታ ለልጇ ሰጠችው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረ። ማስመለስ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ያለ ምርመራ ወተቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ፍጥነቱና የወተቱ አያያዝ ወደ ምግብ መመረዝ የሚያመላክቱ ነበሩ።

ስናወራ ሌላም ነገር ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ቀኑ ሁለት ሳምንት ያለፈበትን ሁለት እሽግ ፓስታ ፈርታ ጥላለች። ምናልባት የጣለችው ከሰጠችው የተሻለ ነበር። ይህ ስህተት የብዙዎቻችን ነው፤ መነሻውም በእሽግ ላይ የሚታተሙትን ቀኖች ሁሉ እንደ አንድ መቁጠራችን ነው።

የመጀመሪያው የምርት ቀን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ኤም.ኤፍ.ጂ. በሚሉ ፊደላት ይጻፋል። ምግቡ መቼ እንደተመረተ እንጂ እስከ መቼ እንደሚበላ አይናገርም። ትርጉም የሚኖረው አጠገቡ «ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር» የሚል ጽሑፍ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 የተመረተ ከሆነ እስከ ነሐሴ 10 ያገለግላል ማለት ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከታተመ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለው፣ አዲሱን ዕቃ ያረጀ እንዳያስመስልብዎ ያስተውሉ።

ሁለተኛው «ቤስት ቢፎር» የሚለው ነው። ይህ ስለ ጥራት የሚናገር ቀን ነው። አምራቹ «እስከዚህ ቀን ድረስ ጣዕሙና ይዘቱ እንደነበረ ይቆያል» እያለ ነው። በፓስታ፣ በሩዝና በብስኩት ላይ የምናገኘው በአብዛኛው ይህንን ነው። ደረቅ ምግብ ውስጥ ባክቴሪያ የሚራባበት በቂ እርጥበት የለም። ስለዚህ እሽጉ ካልተቀደደ፣ እርጥበት ካልነካው፣ ሻጋታና ነቀዝ ከሌለው፣ ቀኑ በጥቂት ቀናት ስላለፈ ብቻ መርዝ አይሆንም። ብስኩቱ ሊልም፣ ቅባት ያለበት ምግብ ደግሞ ሊቆመጥጥ ይችላል።

ሦስተኛው «ዩዝ ባይ» የሚለው ሲሆን፣ ስለ ደኅንነት የሚናገረው ይህ ነው። እንደ ጥሬ ሥጋና ፓስቸራይዝድ ወተት ባሉ ቶሎ በሚበላሹ ምግቦች ላይ ይጻፋል። ይህ ቀን ካለፈ ምግቡ ቢያምርም፣ ባይሸትም አይበላም። በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሽታንና ጣዕምን ሳይለውጡ ሊራቡ ይችላሉ። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖም ይራባል፤ ነፍሰ ጡር ሴትን ቢይዛት ለፅንስ መጨንገፍ ሊዳርግ ይችላል። ኢ.ኤክስ.ፒ. ተብሎ የተጻፈውንም በዚሁ መልክ ያንብቡት። በተለይ የሕፃናት ዱቄት ወተት ቀኑ ካለፈ ንጥረ ነገሩ ስለሚቀንስ ለሕፃን አይሰጥ።

ታዲያ የእናትየዋ ወተት ቀኑ ሳያልፍ ለምን ተበላሸ? የታተመው ቀን የሚሠራው ለታሸገና እሽጉ ላይ በተጻፈው ቅዝቃዜ ለተቀመጠ ወተት ስለሆነ ነው። ፓኬቱ ሲከፈት ከእጅ ወይም ከዕቃ ባክቴሪያ ሊገባ ይችላል። በሚመቸው ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ የሚሆን አንድ ባክቴሪያ በሰባት ሰዓት ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ይሆናል። ሳጥኑ ላይ «ለረጅም ጊዜ የሚቆይ» የተባለው ወተትም ቢሆን አንዴ ከተከፈተ ከሌላው አይለይም።

«አፍልቼው የለም እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል። ነገር ግን ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ አስቀድሞ ያመነጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ከበሉት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያስመልሰውም ይኸው መርዝ ነው።

ልጁ ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ ቀስ በቀስ እየተሰጠው ሲነጋ ተሻለው። ልጅዎ የሚጠጣው ሁሉ የማይረጋለት፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ ዓይኑ የሰረጎደ ወይም የደከመ ከሆነ ግን ቤት ሳይቆዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ፓኬት ሲከፍቱ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ፋብሪካው ያተመው ቀን ምንም ይበል ምን፣ ለልጅ አይስጡት።