«መምህር፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ ላተኩር?»

የማታ ተማሪ ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ተጋምሷል። ፈተና ሲቃረብ ታዲያ ከላይ ያለችውን አንድ መስመር በኢሜይል ይልካል። መልሱ ብዙ ጊዜ «ሁሉንም አንብብ» ነው። መምህሩ ጨክነው አይደለም፤ ጥያቄው «ፈተናውን ንገሩኝ» ስለሚመስል ነው።

የአካውንቲንግ መግቢያ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍስ?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የማታው ክፍል ተማሪዎ ነኝ። ከምዕራፍ 1 እስከ 4 ማስታወሻ ይዣለሁ። የቸገረኝ ምዕራፍ 3፣ የማስተካከያ ምዝገባው ነው። ሚያዝያ 1 ቀን ለ12 ወር ኢንሹራንስ 12,000 ብር ተከፍሏል። ሰኔ 30 ሒሳቡ ሲዘጋ 3,000ውን ወጪ አድርጌ 9,000ውን በቅድመ ክፍያ ትቼዋለሁ። ልክ ነኝ? ከምዕራፍ 4 ይልቅ ለዚህ ሰፋ ያለ ጊዜ ልስጠው?»

ይህን መምህሩ በሁለት መስመር ይመልሱታል። ስሌቱ ልክ ነው፤ በወር 1,000 ብር፣ ያለፈው ሦስት ወር ነው። ምዕራፍ 3ም ቅድሚያ ይገባዋል፤ የምዕራፍ 4 የሒሳብ መግለጫዎች የሚሠሩት ከእሱ በሚወጡት ቁጥሮች ነው። ያ 3,000 ብር ቢረሳ ትርፉም ንብረቱም በዚያው ልክ አብጦ ይታያል። ክፋቱ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለሚመጣ ትራያል ባላንሱ ስህተቱን አያጋልጥም። እኔ ብሆን በማስታወሻው ላይ ይህችኑ ምሳሌ ከነማስተካከያዋና ያለማስተካከያዋ ጎን ለጎን እጽፋታለሁ።

ኢሜይሉ ግን ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ይላክ። በዋዜማው ሌሊት ከተላከ መልሱ የሚደርሰው ከፈተናው በኋላ ነው።