ሺህ ብር ሲላክ ምን መሆን አለበት?

በሂሳብዎ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። ለወንድምዎ 1,000 ብር በስልክ መላክ ይፈልጋሉ፤ ባንኩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዝውውር 5 ብር ያስከፍላል። ምን መሆን አለበት? አንዱ “ገንዘቡ አይበቃም፣ ይከልከል” ይላል። ሌላው “ክፍያው ከሚላከው ይቀነስና ለወንድምየው 995 ብር ይድረሰው” ይላል። ሦስተኛው “ይላክ፤ 5 ብሩ ዕዳ ሆኖ ይመዝገብ” ሊል ይችላል። ሦስቱም ያስኬዳሉ። አደጋው የባንኩ ሰው፣ ፕሮግራመሩና ሞካሪው የየራሳቸውን መልስ በልባቸው ይዘው፣ “ደንበኛው ገንዘብ ማስተላለፍ ይችላል” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተስማምተው ከስብሰባ ሲወጡ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ደንበኛ ስልክ ደውሎ ሲጮህ ይሆናል።

እንግሊዛዊው ዳን ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው፣ በባህሪ የሚመራ የሶፍትዌር ግንባታ የሚባለው አሠራር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሦስቱ ሰዎች ኮድ ከመጻፉ በፊት አብረው ይቀመጡና በቁጥር የተደገፉ ምሳሌዎችን ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ ምሳሌ ሦስት ክፍል አለው፦ መነሻው ሁኔታ፣ የሚፈጸመው ድርጊትና የሚጠበቀው ውጤት። እ.ኤ.አ. በ2008 አስላክ ሄለሶይ ኩከምበር የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ እነዚህን ምሳሌዎች ኮምፒውተር እንዲያነባቸው የሚያስችለው አጻጻፍ ጊርኪን ይባላል። ጊርኪን ከብዙ ቋንቋዎች ጋር አማርኛንም ያውቃል። የእኛ ሦስት ሰዎች “ክፍያው ከላኪው ላይ ተጨምሮ ይቆረጣል፤ ካልበቃ ዝውውሩ ይከለከላል” ብለው ቢስማሙ እንዲህ ይጻፋል፦

```gherkin
# language: amh
ስራ: ገንዘብ ማስተላለፍ

  ሁናቴ: ቀሪው ክፍያውን ጨምሮ ሲበቃ
    የተሰጠ የአልማዝ ቀሪ ሂሳብ 1005 ብር ነው
    እና የከበደ ቀሪ ሂሳብ 200 ብር ነው
    መቼ አልማዝ ለከበደ 1000 ብር ስትልክ
    ከዚያ የአልማዝ ቀሪ 0 ብር መሆን አለበት
    እና የከበደ ቀሪ 1200 ብር መሆን አለበት
    እና ባንኩ 5 ብር ክፍያ ማግኘት አለበት
```

በመጀመሪያው መስመር ያለው ምልክት `amh` ነው፤ `am` ብለው ከጻፉ መሣሪያው አርመንኛ ይጠብቃል። ከቁልፍ ቃሉ በኋላ የሚመጣው ሁለት ነጥብም ተራው `:` እንጂ የእኛ ፦ መሆን የለበትም።

እዚህ ውስጥ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫንና ገጹ ምን እንደሚመስል አልተጻፈም፤ መጻፍም የለበትም። የስክሪኑ መልክ በየወሩ ሊቀየር ይችላል፣ የክፍያው ደንብ ግን አብሮት አይቀየርም። ከሁሉ ይልቅ ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ልብ ይበሉ። ከአልማዝ የወጣው 1,005 ብር በሙሉ የት እንደገባ ይናገራሉ፤ 1,000 ለከበደ፣ 5 ለባንኩ። ብዙ ቡድን እዚህ ቦታ “ዝውውሩ ተሳክቷል የሚል መልእክት ይታያል” ብሎ ያልፋል። መልእክቱ ታይቶ ገንዘቡ ከአንዱ ቢወጣና ወደ ሌላው ባይገባ ግን እንዲህ ያለው ፈተና አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ወሰኑ ይፈተሻል። ስህተት የሚበዛው “ይበቃል” ወደ “አይበቃም” በሚዞርበት ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ያንን ነጥብ በግራና በቀኝ መንካት ነው፦

```gherkin
  ሁናቴ ዝርዝር: የሚበቃና የማይበቃ ቀሪ
    የተሰጠ የአልማዝ ቀሪ ሂሳብ <ቀሪ> ብር ነው
    መቼ አልማዝ ለከበደ 1000 ብር ስትልክ
    ከዚያ የአልማዝ ቀሪ <በኋላ> ብር መሆን አለበት

    ምሳሌዎች:
      | ቀሪ     | በኋላ    |
      | 1005.00 | 0.00    |
      | 1004.99 | 1004.99 |
      | 1000.00 | 1000.00 |
```

ሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሳንቲም ጎድላት የተከለከለች ደንበኛ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ከላይ የጠየቅነው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከእንግዲህ ፋይል ውስጥ ተጽፎ፣ ኮዱ በተነካ ቁጥር ይፈተሻል።

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች በራሳቸው ምንም አይፈትሹም። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጀርባ ፕሮግራመር የጻፈው ትንሽ ኮድ አለ፤ መሣሪያው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ተዛማጁን ኮድ ይጠራል። እዚህ ላይ አዲስ ሰው የማይጠረጥረው ወጥመድ አለ። ኩከምበር ተዛማጁን ሲፈልግ “የተሰጠ” ወይም “ከዚያ” የሚለውን ቁልፍ ቃል አይቆጥርም፤ የሚያየው ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መነሻው “የአልማዝ ቀሪ ሂሳብ 1005 ብር ነው” እንደሚለው ውጤቱንም “የአልማዝ ቀሪ ሂሳብ 0 ብር ነው” ብለን ብንጽፍ፣ ሁለቱም አንድ ኮድ ይጠራሉ። ያ ኮድ ደግሞ ቀሪውን የሚያስቀምጥ እንጂ የሚያጣራ አይደለም። በመጨረሻው መስመር ላይ የአልማዝን ሂሳብ ራሱ ዜሮ ያደርገውና ፈተናው ያልፋል፤ ዝውውሩ ጨርሶ ባይፈጸምም ያልፋል። ውጤቱን “መሆን አለበት” ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ የውሸት አረንጓዴ እንዴት ይታወቃል? ኮዱን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ክፍያውን ከ5 ወደ 6 ቀይሮ፣ ወይም ለተቀባይ የሚጨምረውን መስመር አጥፍቶ ፈተናውን ማስኬድ። ቀይ ካልሆነ ያ ፈተና ማንንም አይጠብቅም። ይህን ሳያደርግ በአረንጓዴ የሚተማመን ቡድን የሰው ገንዘብ ባይነካ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አልማዝ “ላክ” የሚለውን ነካች፤ ባንኩ ገንዘቡን አስተላለፈ፤ መልሱ ወደ ስልኳ ሳይደርስ ግን ኔትወርክ ተቋረጠ። እሷ የምታየው የሚሽከረከር ምልክት ብቻ ነው፣ ስለዚህ እንደገና ትነካለች። ለባንኩ ይህ አዲስ ዝውውር ነው ወይስ የቀድሞው ድጋሚ? ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ 1,000 ብር ሊልክ ስለሚችል፣ መጠኑንና ስሙን ብቻ በማየት መለየት አይቻልም። መፍትሔው ስልኩ ለእያንዳንዱ የመላክ ውሳኔ አንድ መለያ እንዲሰጥና በድጋሚ ሲሞክር ያንኑ መለያ እንዲይዝ ነው፦

```gherkin
  ሁናቴ: መልስ ሳይደርስ ጥያቄው ሲደገም
    የተሰጠ የአልማዝ ቀሪ ሂሳብ 5000 ብር ነው
    እና አልማዝ በመለያ "T-71" ለከበደ 1000 ብር ልካለች
    እና የባንኩ መልስ ወደ ስልኳ አልደረሰም
    መቼ ስልኳ ጥያቄ "T-71"ን በድጋሚ ሲልክ
    ከዚያ የአልማዝ ቀሪ 3995 ብር መሆን አለበት
    እና ስልኳ የመጀመሪያውን ደረሰኝ መቀበል አለበት
```

የመጨረሻው መስመር እንደ ትርፍ ሊታይ ይችላል፤ ግን አይደለም። ባንኩ ድጋሚውን ለይቶ “ስህተት፣ ይህ መለያ ጥቅም ላይ ውሏል” ቢላት፣ አልማዝ ገንዘቡ እንዳልሄደ አስባ በአዲስ መለያ ትልክ ነበር። ገንዘቧ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ገፋፍቷታል። መስመሩን ብዙ ጊዜ የሚያስጽፈው፣ ስብሰባው ላይ “ከዚያስ ደንበኛዋ ምን ታያለች?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጊርኪን የማይደርስበት ቦታ ግን አለ። አልማዝና ባሏ በአንድ የጋራ ሂሳብ ላይ ከሁለት ስልክ በአንድ ቅጽበት ቢልኩስ? 1,005 ብር ብቻ ሳለ ሁለቱም ጥያቄዎች ቀሪውን አንብበው፣ ሁለቱም “ይበቃል” ብለው ሊያልፉ ይችላሉ። ሁናቴ መስመር በመስመር፣ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው እየተከተለ የሚሄድ ስለሆነ፣ ይህን ግጭት ሺህ ጊዜ ቢያስኬዱት ላያገኘው ይችላል። ደንቡን፣ ማለትም “ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያልፋል” የሚለውን፣ በጊርኪን መጻፍ ይቻላል፤ ማረጋገጡ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ የሚለቅ ሌላ ፈተና ይፈልጋል። ያ ፈተና ሲያበቃ የሚጠየቀውም የላኪዎች፣ የተቀባዮችና የባንኩ ክፍያ ድምር ፈተናው ሲጀመር ከነበረው ጋር በሳንቲም መግጠሙ፣ ከዜሮ በታች የወረደ ሂሳብም አለመኖሩ ነው።