በአደባባይ ረድፍና መውጫ የሚመረጡት ከመግባት በፊት ነው

አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብዙም አይቸገርም። መሪውን አጥብቆ የሚይዘው ባለ ብዙ መውጫ አደባባይ ከፊቱ ሲመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው ደግሞ መግባቱ ነው፤ ክፍተት አግኝቶ ከገባ ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አዲስ አሽከርካሪን ከሌላ መኪና ጋር ጎን ለጎን የሚያላትመው በአብዛኛው መውጫው ነው። መውጫው ላይ የሚፈጠረው ችግር ደግሞ ሥሩ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ አሽከርካሪው ገና ከመግባቱ በፊት የትኛው መውጫ የእሱ እንደሆነ ሳይቆጥር፣ ለዚያ መውጫ የሚሆነውን ረድፍ ሳይዝ ቀርቷል።

አደባባይ የሚሠራው የአደጋን ዕድል ለመቀነስ ነው። ሁለት ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገዶች በተራ መስቀለኛ ሲገናኙ የተሽከርካሪዎች መንገድ እርስ በርስ የሚነካካባቸው 32 ነጥቦች አሉ። በቦታው ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ቢሠራ ነጥቦቹ ወደ 8 ይወርዳሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር ፊት ለፊት የመጋጨት ነገር ይጠፋል። አደባባዩ ሁለት ረድፍ ሲኖረው ግን በቁጥሩ ላይ አንድ ከባድ ችግር ይጨመራል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እየዞሩ ሳለ የውስጠኛው ልውጣ፣ የውጨኛው ደግሞ ልቀጥል ሲሉ አንዱ የሌላውን መንገድ ይቆርጣል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ይህችን አንዲት ግጥሚያ ለማስቀረት ነው።

በምሳሌ እንየው። ከፒያሳ ተነሥተው፣ የራስ መኰንን ድልድይን ተሻግረው ወደ አራት ኪሎ እየወጡ ነው እንበል። መሄድ የሚፈልጉት ወደ ስድስት ኪሎ ነው። በመካከል የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ቆሟል። ስድስት ኪሎ ከእርስዎ በስተግራ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ አደባባይን የምንዞረው ሐውልቱን በግራችን አድርገን ነው። ስለዚህ በስተግራ ያለው መንገድ ለመድረስ ሩቁ ይሆናል።

አሁን መውጫዎቹን ከቀኝዎ ጀምረው ይቁጠሩ። አንደኛው ወደ ፓርላማና ወደ ቤተ መንግሥት የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊትዎ ያለው የቀበና መንገድ ነው። ሦስተኛው የእርስዎ፣ የስድስት ኪሎው ነው። አራተኛው ወደ መጡበት ወደ ፒያሳ ይመልስዎታል። አንደኛው መውጫ ሩብ ዙር፣ ሁለተኛው ግማሽ ዙር፣ ሦስተኛው ሦስት አራተኛ ዙር ያስኬዳል። በቁጥር መያዙ የሚጠቅመው አደባባዩ ውስጥ ሕንፃና ታፔላ እየፈለጉ ዓይንን ከመኪናዎቹ ላይ ላለማንሳት ነው። «የእኔ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን አሳልፋለሁ» ብሎ የገባ ሰው የሚቀረው መቁጠር ብቻ ነው።

ረድፉ ከቁጥሩ ይከተላል። በአንደኛው መውጫ የሚወጣ የቀኙን ረድፍ ይይዛል፤ የቀኝ ፍሬቻውንም ሳይገባ ያበራል። ቀጥታ ወደ ፊት የሚሄድ፣ በምሳሌያችን ወደ ቀበና የሚሻገር፣ የተለየ ምልክት ከሌለ የቀኙን ረድፍ ቢይዝ ይቀለዋል፤ ሲገባም ፍሬቻ አያበራም። ወደ ግራ የሚታጠፍ ወይም ዞሮ የሚመለስ የግራውን ረድፍ ይይዛል፤ የግራ ፍሬቻ ያበራል። እርስዎ ከዚህኛው ወገን ነዎት። ይህ ልማድ የሚሠራው አስፋልቱ ላይ ቀስት ካልተቀባ ነው። ቀስት ካለ ቀስቱ ይበልጣል፤ የግራው ረድፍ ወደ ግራ ብቻ፣ የቀኙ ደግሞ ወደ ቀኝ ብቻ ተብሎ የተከፈለበት አደባባይ አለና። ረድፍ የሚያዘው ከ50 እስከ 100 ሜትር ሲቀር ነው። መግቢያው ጫፍ ላይ ደርሶ ረድፍ መቀየር ከኋላ የሚመጣውን ያስደነግጣል፤ የራስንም ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ያንከራትታል።

መግቢያው ላይ ቅድሚያ ያለው ቀድሞ የገባው ነው። እየዞረ ያለው መኪና የሚመጣው ከግራዎ ስለሆነ ወደ ግራ ያያሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የውጨኛው ረድፍ ባዶ መሆኑን አይተው ይገባሉ፤ በውስጠኛው ረድፍ እየመጣ ያለውን መኪና የማይመለከታቸው አድርገው ይቆጥሩታል። ያ መኪና ግን ምናልባት ልክ ከእነሱ ፊት ለመውጣት እየተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው በቅርቡ ረድፍ ላለው ብቻ ሳይሆን አደባባዩ ውስጥ በየትኛውም ረድፍ ለሚመጣው ነው። ክፍተቱ በቂ መሆኑ የሚታወቀውም እርስዎ ሲገቡ ማንም ፍሬን ሳይዝ መቀጠል ሲችል ነው። ከኋላ ክላክስ ቢነፋም የሚጠበቀው ይህ ክፍተት እንጂ የኋለኛው ትዕግሥት ማለቅ አይደለም።

ገቡ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት በውስጠኛው ረድፍ ይዞራሉ። የፓርላማውን መውጫ አሳለፉ፤ አንድ። የግራ ፍሬቻዎ አሁንም እንደበራ ነው። የቀበናው መውጫ ሲደርስ ሁለት ይላሉ፤ እሱን አልፈው ወዲያው ወደ ቀኝ ፍሬቻ ይቀይራሉ። ይህ ቅያሬ ጊዜውን መጠበቅ አለበት። ከቀበና በፊት የቀኝ ፍሬቻ ቢያበሩ፣ ከቀበና በኩል ለመግባት የሚጠብቀው አሽከርካሪ ወደ እሱ መንገድ ሊወጡ ነው ብሎ ይገባል፤ እርስዎ ግን ስለሚቀጥሉ ጎንዎን ያገኘዋል። ጨርሶ ካላበሩ ደግሞ እርስዎ የት እንደሚሄዱ የሚያውቅ የለም። ደንቡ አጭር ነው፤ የቀኝ ፍሬቻ የሚበራው ከእርስዎ መውጫ በፊት ያለው የመጨረሻ መውጫ እንደታለፈ ነው።

አሁን ያች ግጥሚያ ደረሰች። ከቀበና ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ በውጨኛው ረድፍ ገብቶ በቀኝዎ ጎን ለጎን እየሄደ ነው። ለእሱ መንገዱ ቀጥታ ነው፤ የስድስት ኪሎውን መውጫ አልፎ ይቀጥላል። እርስዎ ደግሞ በዚያው መውጫ ልውጣ እያሉ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ቢመልሱ የሚሄዱት ወደ ሚኒባሱ በር ነው። እርግጥ ነው፣ ሲገባ ለእርስዎ ቅድሚያ መስጠት ነበረበት። ከገባ በኋላ ግን የእሱ ረድፍ የእሱ ነው፤ ረድፍ የሚቀይር ሰው ረድፉን ይዞ ለሚሄደው ይጠብቃል።

ስለዚህ መሪው ከመዞሩ በፊት ሦስት ነገር በተከታታይ ይደረጋል። የመሀል መስታወቱና የቀኝ ስፖኪዮው ይታያሉ፤ ፍሬቻው ይበራል፤ ከዚያ በቀኝ ትከሻ በኩል አንድ ጊዜ ፈጠን ብሎ ዞር ተብሎ ይታያል። ይህ የመጨረሻው አይዘለልም፤ በኋለኛው በርዎ አጠገብ ያለ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ስፖኪዮ ውስጥ ላይገባ ይችላልና። ቀኙ ባዶ ከሆነ ወደ ውጨኛው ረድፍ ወጥተው በመውጫው ይሄዳሉ። ባዶ ካልሆነ የቀኝ ፍሬቻውን ያጠፋሉ፤ በውስጠኛው ረድፍ ይቀጥላሉ፤ የፒያሳን፣ የፓርላማንና የቀበናን መውጫዎች እንደገና አሳልፈው ወደ ስድስት ኪሎው ይመለሳሉ። አንድ ተጨማሪ ዙር የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነው። አደገኛ የሚሆነው ዙሩን ላለመድገም ሲባል የሚደረገው ነው፤ መውጫው አፍ ላይ ድንገት መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ወይም ከውስጠኛው ረድፍ ተነሥቶ በሰያፍ ሁለት ረድፍ መቁረጥ።

ትልቅ ተሽከርካሪ ሲኖር ስሌቱ ይለወጣል። የከተማ አውቶቡስ ወይም ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ሐውልቱ በኩል ጠበብ አድርገው ይቆርጣሉ። በውጨኛው ረድፍ እየዞረ ከሆነ የሚጠበበው የእርስዎ የውስጠኛው ረድፍ ነው። ከእሱ ጎን አይዙሩ፤ አስቀድመው ያሳልፉትና ከኋላው ይከተሉት። ሹፌሩን በስፖኪዮው ውስጥ ካላዩት እሱም እርስዎን አላየዎትም።

መውጫውን ካገኙ በኋላም ሁለት ነገር ይጠብቅዎታል። ብዙ ጊዜ መውጫው እንዳለቀ ዜብራ አለ፤ ከዜብራው ወዲያ ደግሞ ታክሲ ተሳፋሪ ለመጫን ይቆማል። እግረኛ ለማሳለፍ ሲቆሙ የመኪናዎ ጭራ አደባባዩ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከፊትዎ ያለው ሰልፍ ከቆመ በመውጫው አፍ ላይ ተደርበው አይቁሙ። ታክሲው ድንገት ቢቆም በጊዜ ለማቆም እንዲችሉ መውጫው ላይ ነዳጅ አይጨምሩ፤ ፍጥነት የሚጨመረው ዜብራው ከታለፈና መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አደባባዩ በራሱ ደንብ ሲንቀሳቀስ ነው። መብራት ካለ መብራቱ ይገዛል፤ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ ካስተላለፈ ከመብራቱም ከቀለሙም የእሱ ትእዛዝ ይበልጣል። የመንገድ ሥራ የረድፎችን ቁጥርና የመግቢያውን ቅርጽ ሊቀይር ስለሚችል ባለፈው ወር የለመዱትን ረድፍ ዛሬም ቀስቱን አይተው ያረጋግጡ። መጨናነቅ በበዛበት ሰዓት መኪኖች መስመር ሳይጠብቁ ሲጠጋጉ ደግሞ ረድፍ የሚባለው ራሱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ለአዲስ አሽከርካሪ የሚሻለው ቀርፋፋውን የቀኝ ሰልፍ ይዞ በቀኙ መውጣትና መንገዱን ከዚያ ማስተካከል ነው።

መለማመድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በእግሩ ይሂድ። በእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ የሚያልፉ መኪኖችን ይመልከት፤ አንዱን ይምረጥና ፍሬቻውን አይቶ በየትኛው መውጫ እንደሚወጣ ይገምት። ግምቱ ትክክል መሆን ሲጀምር እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር ሆኖ ከየመግቢያው ወደ የመውጫው ይንዳ። ከመግባትዎ በፊት መውጫዎን ይቁጠሩ፤ በቁጥሩ ረድፍዎን ይያዙ፤ በቀኝዎ ሰው ካለ አይውጡ፣ ዙሩን ይድገሙት።