«አሲድ አደገኛ ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም

በቤተ ሙከራ ሪፖርት ውስጥ ስለ አደጋ የሚጻፈው ክፍል ብዙ ጊዜ «ሰልፈሪክ አሲድ አደገኛ ስለሆነ ጥንቃቄ ይደረግ» በሚል አንድ መስመር ያልቃል። ይህ ለማንም አይጠቅምም። አሲዱ ቆዳ እንደሚያቃጥል ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ስጋቱን የሚወስነው ግን የምንሠራበት መንገድ ነው።

10 ሚሊ ሊትር ኤታኖልና 10 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምረን ኤስተር እንሥራ እንበል። ንጹሕ ኤታኖል ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ይህ ከተራ የክፍል ሙቀት በታች ነው። ስለዚህ «እሳት ይራቅ» አይበቃም፤ «ብልቃጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአካባቢው ነበልባል አይለኮስም» ተብሎ ይጻፍ። አሲዱም በበረዶ በቀዘቀዘው ድብልቅ ላይ ጠብታ በጠብታ ይጨመራል፤ በአንዴ ከፈሰሰ ሙቀቱ ፈሳሹን አፍልቶ ይረጫል። ጓንትና መነጽር የሚጠቀሱት ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቆሻሻውን ነው። ያልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ በኤታኖል ወይም በአሴቶን ማጠራቀሚያ ውስጥ ቢገባ ጋዝ እየፈጠረ፣ ሠሪው ከሄደ በኋላ የተከደነውን ጠርሙስ ሊያፈነዳ ይችላል። እባካችሁ፣ የትኛው ፈሳሽ በየትኛው ጠርሙስ እንደሚገባ በስሙ ጻፉ።