የሙከራ ጊዜው ስንት ሳምንት ነው?

የሥራ ውሎችን ወደ አንድ ሠንጠረዥ ስናወጣ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን የሙከራ ጊዜው ነው። አንዱ ውል «60 የሥራ ቀን» ሲል ሌላው «3 ወር» ይላል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይያዝለት፤ በአንዱ የውሉ ቃል ከነአንቀጹ እንዳለ ይገልበጥ፣ በሌላው ወደ ሳምንት ይለወጥ። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ 60 የሥራ ቀን፣ በዓል ሳይታሰብ፣ 10 ሳምንት ነው፤ አምስት ቀን ለሚሠራ 12። «3 ወር» ግን 13 ሳምንት ገደማ ስለሆነ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከፈቀደው 60 የሥራ ቀን ያልፋል፤ ቀይ ይቀባ።

ማስጠንቀቂያውም የሠራተኛውና የአሠሪው ተብሎ ይለይ፤ እኩል አይደሉምና። ደመወዙ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ውሉ ካልገለጸ በግምት አይሞላም፤ «አልተጠቀሰም» ይጻፍበት። የጭማሪ ደብዳቤ ከተያያዘ ደግሞ የሚወሰደው የደብዳቤው ቁጥር ነው።