«ይታይ ተባለ» — ግን በማን?

በአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል የሐውስኪፒንግ ክፍል በአማርኛ ይሰበሰባል፤ ቃለ ጉባኤው ለውጭ አገር ዜጋው ሥራ አስኪያጅ በእንግሊዝኛ ይላካል እንበል። «የ304 ቁጥር ክፍል ሻወር ያፈሳል፤ ይታይ ተባለ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተርጓሚው ከየትም ስም አያመጣም። ጸሐፊው እዚያው ስብሰባው ላይ «ማን ያየዋል? እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ «ጥገና» ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ የፈረቃው ኃላፊ በስም ይጻፍ። እሱ ከስብሰባው ከቀረ ደግሞ ሥራውን የሚነግረው ሰው አብሮ ይመዝገብ።

በእኔ እይታ ከሁሉ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። «ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት» በእንግሊዝኛው 16:00 ካልሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ይጠብቃል። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይስፈር።

እያንዳንዱ ውሳኔ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቁጥር ይያዝ፤ ያልተጠናቀቀውም በዚያው ቁጥር ወደ ቀጣዩ ስብሰባ ይሻገር።